የፖሊስ ክሊራንስና ሜዲካል፦ የ5 ዓመቱ ወረቀት አልፎ የ7 ወሩ ለምን ይወድቃል?

አንዲት ነርስ ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ልታመለክት ነው እንበል። ሦስት የፖሊስ ክሊራንስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታለች። አንዱ የባለቤቷ ነው፤ ከእንግሊዝ የወጣ፣ 5 ዓመት የሞላው። ሁለተኛው የራሷ ነው፤ ከኤምሬትስ የወጣ፣ 4 ዓመት የሆነው። ሦስተኛውም የራሷ ሆኖ አሁን ከምትኖርበት አገር የወጣ ነው፤ ገና 7 ወሩ። የቱን እንደ አዲስ ታውጣ?

ብታማክሩት አብዛኛው ሰው «ሁለቱን አሮጌዎች» ይላል። ትክክለኛው መልስ ሌላ ነው። የ5 ዓመቱ ያልፋል። የ4 ዓመቱና የ7 ወሩ ይወድቃሉ።

ለረጅም ጊዜ ቪዛ የሚያመለክት ሰው ብዙ ገንዘብና ወራት የሚያቃጥለው ይህን ባለማወቅ ነው። ስለዚህ የዚህችን ነርስ ፋይል ይዘን ደረጃ በደረጃ እንሂድ። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ ላይ የአሜሪካና የአውስትራሊያ አሠራር የት ላይ እንደሚለይ እንመለከታለን።

ደረጃ 1፦ አገሮቻችሁን ቁጠሩ

ማንኛውንም ቢሮ ከመርገጣችሁ በፊት አንድ ወረቀት ውሰዱ። ላለፉት 10 ዓመታት የኖራችሁባቸውን አገሮች በሙሉ ጻፉ። ከእያንዳንዱ አገር ጎን የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ቀን አስቀምጡ። በልባችሁ አትገምቱ። የአሮጌ ፓስፖርቶቻችሁን ማህተም እያያችሁ ጻፉ፤ ማመልከቻው ላይ የምትሞሉት የኑሮ ታሪክና ክሊራንሱ ካልተጣጣሙ ጥያቄ ይነሳል።

የካናዳ ደንብ ቀላል ነው። 18 ዓመት ከሞላችሁ በኋላ፣ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ፣ በተከታታይ 6 ወር ወይም ከዚያ በላይ የኖራችሁበት አገር ሁሉ ክሊራንስ ይጠየቅበታል። ካናዳ ውስጥ የኖራችሁበት ጊዜ አይቆጠርም። ለሥራ፣ ለትምህርት ወይም ዘመድ ጋ ተቀምጣችሁ መኖራችሁ ልዩነት የለውም። ሰው በብዛት የሚረሳው ትምህርቱን ነው። «ተማሪ ነበርኩ እንጂ አልኖርኩም» የሚል አለ። 6 ወር ከሞላ ኖራችኋል።

የነርሷ ሠንጠረዥ እንዲህ ወጣ። እሷ ከጃንዋሪ 2018 እስከ ጁን 2022 ኤምሬትስ ሠርታለች። ባለቤቷ ከኦክቶበር 2019 እስከ ጃንዋሪ 2021 እንግሊዝ ተምሯል። ሁለቱም አሁን ያሉበትን አገር ይጨምራሉ። ስለዚህ ለእሷ ሁለት፣ ለእሱም ሁለት ክሊራንስ ያስፈልጋል። ልጆቻቸው 12 እና 7 ዓመታቸው ነው፤ ክሊራንስ አይጠየቁም።

ደረጃ 2፦ ቀኑ ከምን ጋር እንደሚለካ ለዩ

አብዛኛውን ጊዜ ክሊራንሱን የሚሰጠው ፖሊስ የማብቂያ ቀን አይጽፍበትም። የአሜሪካው ኤፍቢአይ ለምሳሌ በሚሰጠው ማስረጃ ላይ የአገልግሎት ዘመን አይወስንም። የሚወስነው ወረቀቱን የሚቀበለው አገር ነው። ስለዚህ «ይህ ክሊራንስ ስንት ወር ያገለግላል?» ተብሎ ለብቻው ሲጠየቅ መልስ የለውም። «ለየትኛው አገር ቪዛ? የወጣውስ አሁን ከምኖርበት ነው ወይስ ከለቀቅኩት አገር?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለካናዳ ሁለት መለኪያ አለ። አሁን ከምትኖሩበት አገር የወጣው ክሊራንስ ማመልከቻውን በምታስገቡበት ቀን ከ6 ወር በላይ የሆነው መሆን የለበትም። ከለቀቃችሁት አገር የወጣው ደግሞ ዕድሜው አይታይም። የሚታየው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ አገር ለመጨረሻ ጊዜ ኖራችሁ ከወጣችሁ በኋላ መውጣቱ።

ምክንያቱን ካሰባችሁት ግልጽ ነው። ከአገሩ ከወጣችሁ በኋላ የተሰጠ ወረቀት የቆይታችሁን የመጨረሻ ቀን ጨምሮ ይሸፍናል። ካልተመለሳችሁ እዚያ አዲስ ወንጀል የምትፈጽሙበት ዕድል የለም። ስለዚህ አያረጅም። እየኖራችሁበት ያለው አገር ግን በየቀኑ አዲስ ታሪክ ይጨመርበታል። ስለዚህ ወረቀቱ ቶሎ ያረጃል።

አሁን የነርሷን ሦስት ወረቀቶች እንመልከት።

የባለቤቷ የእንግሊዝ ክሊራንስ ማርች 2021 የወጣ ነው። ባለቤቷ እንግሊዝን የለቀቀው ጃንዋሪ 2021 ነው። ከዚያ ወዲህ ተመልሶ አልኖረም። 5 ዓመት ቢሆነውም ያልፋል።

የእሷ የኤምሬትስ ክሊራንስ ኤፕሪል 2022 የወጣ ነው። ሥራ ልትለቅ ስትል «እዚሁ እያለሁ ላውጣው፣ በኋላ ያስቸግረኛል» ብላ ነበር። የወጣችው ግን ጁን ላይ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ወራት አልተሸፈኑም። ወረቀቱ ወደቀ። ይህ ስህተት በጣም ያሳዝነኛል፤ የሚፈጽሙት ጥንቁቆቹ ናቸውና። አገር የምትለቁ ከሆነ ከመውጣታችሁ በፊት አሻራችሁን፣ የመኖሪያ ፈቃዳችሁንና የመታወቂያ ቁጥራችሁን ኮፒ ይዛችሁ ውጡ። ክሊራንሱን ግን ከወጣችሁ በኋላ አውጡ።

ሦስተኛው፣ አሁን ካለችበት አገር የወጣው፣ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2025 የተሰጠ ነው። ማመልከቻዋን የምታስገባው ኤፕሪል 28 ቀን 2026 ነው። 6 ወሩ ማርች 20 ላይ አልቋል። እሱም ወደቀ።

ከዚህ የሚወጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው። ከለቀቃችሁት አገር የሚመጣውን ዛሬውኑ ጀምሩ፤ አያረጅም፣ ለመምጣት ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል። አሁን ካላችሁበት አገር የሚወጣውን ወደ መጨረሻው አቆዩት።

ደረጃ 3፦ ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው አንብቡት

ስማችሁ ከፓስፖርቱ ጋር በፊደል ደረጃ ይመሳሰል። በጋብቻ ወይም በሌላ ምክንያት ስም የቀየራችሁ ከሆነ የቀድሞውም ስም መካተቱን አረጋግጡ። የትውልድ ቀን፣ የፓስፖርት ቁጥር፣ የተሰጠበት ቀን፣ ማህተም፤ እነዚህን በጣታችሁ እየጠቆማችሁ እዩ። ስህተት ካለ መስኮቱን ሳትለቁ ማስተካከል ይቀላል። ወረቀቱ እንግሊዝኛ ወይም ፈረንሳይኛ ካልሆነ ለካናዳ ትርጉም ያስፈልገዋል። ትርጉሙና ዋናው አብረው ይገባሉ። ስካን ስታደርጉ ጀርባውንም አትርሱ።

በአሻራ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ጣታችሁን ተንከባከቡ። እጃቸውን ቶሎ ቶሎ በሳሙናና በሳኒታይዘር የሚታጠቡ፣ በሲሚንቶ ወይም በኬሚካል የሚሠሩ ሰዎች አሻራቸው ስለሚደበዝዝ ይመለሳል። ነርሷም አንደኛዋ ነበረች። ቀደም ብሎ ለጥቂት ቀናት እጅን በቅባት ማለስለስ ይረዳል።

ደረጃ 4፦ ሜዲካሉን በተፈቀደለት ሐኪም ብቻ

የራሳችሁ ሐኪም የቱንም ያህል ቢያውቃችሁ ለዚህ ምርመራ አይሆንም። የቪዛው አገር ስም ዝርዝራቸውን ያወጣቸው ሐኪሞች አሉ። ዝርዝሩን ከአገሩ የኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ላይ አውጡና ቀጠሮ ያዙ።

ለካናዳ ምርመራው በዕድሜ ይለያያል። የአካል ምርመራ ለሁሉም አለ። የሽንት ምርመራ ከ5 ዓመት ጀምሮ ነው። የደረት ራጅ ከ11 ዓመት ጀምሮ ነው። የደም ምርመራ፣ ማለትም ኤችአይቪ፣ ቂጥኝና የኩላሊት ሁኔታ፣ ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የ12 ዓመቱ ልጅ ራጅ ይነሳል፤ የ7 ዓመቷ አትነሳም።

ፓስፖርት፣ መነጽር ካላችሁ መነጽር፣ የምትወስዱት መድኃኒት ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ። ቀድሞ የሳንባ ነቀርሳ ታክማችሁ ከሆነ ሕክምናውን መጨረሳችሁን የሚያሳይ ወረቀትና የድሮ ራጅ እጅግ ይጠቅማል። አዲሱ ራጅ ላይ ጠባሳ ሲታይ ሐኪሙ «አዲስ ነው ወይስ አሮጌ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የድሮው ራጅ ከሌለ መልሱን ለማግኘት ሳምንታት ይፈጃል። ሴቶች በወር አበባ ቀን ቀጠሮ ባይዙ ይሻላል፤ ሽንት ውስጥ ደም ከታየ ምርመራው ይደገማል።

ሐኪሙ ውጤቱን በቀጥታ ለኢሚግሬሽን ይልካል። ለእናንተ የሚሰጠው መመርመራችሁን የሚያሳይ ወረቀት ነው። «አለፍኩ?» ብላችሁ አትጨነቁበት፤ የመወሰን ሥልጣን የእሱ አይደለም።

አንድ ነገር ከሁሉ በላይ ልብ በሉልኝ። ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት ስታመለክቱ አብሯችሁ የማይሄድ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅም ይመረመራል። «እሱ አሁን አይመጣም» ብሎ ልጅን ሳያስመረምር የሚሄድ ወላጅ፣ በኋላ ልጁን ሊያመጣ ሲል ያልተመረመረ የቤተሰብ አባል ነው ተብሎ በሩ ሊዘጋበት ይችላል። የምርመራ ወጪ ለመቆጠብ ብላችሁ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ አትግቡ።

ደረጃ 5፦ ሁሉንም በአንድ የቀን መቁጠሪያ ላይ አስቀምጡ

የክሊራንስ ሰዓት ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ካስገባችሁበት ቀን ወደ ወጣበት ቀን። የሜዲካል ሰዓት ደግሞ ወደ ፊት ይቆጥራል። ለካናዳ ከምርመራው 12 ወር ያገለግላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ መወሰን ብቻ ሳይሆን ካናዳ መግባትም አለባችሁ። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ፋይሉን ሲያስገባ ሜዲካሉ ጉዳዩን የጨረሰ ይመስለዋል።

ነርሷ በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ ማለትም ካናዳ ባለሙያዎችን መርጣ ለቋሚ ነዋሪነት እንዲያመለክቱ በምትጋብዝበት መንገድ፣ ግብዣው የደረሳት ማርች 2 ቀን 2026 ነው። ለማመልከት 60 ቀን አላት፤ እስከ ሜይ 1። ከኦገስት 21 ቀን 2025 ጀምሮ በዚህ መንገድ የሚያመለክት ሰው ሜዲካሉን ቀድሞ ሠርቶ ማስረጃውን ከማመልከቻው ጋር ማስገባት አለበት። ድሮ ካስገቡ በኋላ ጥሪ ይጠበቅ ነበር።

ማርች 3 ለኤምሬትስ ክሊራንስ አዲስ ጥያቄ አስገባች። ማርች 12 እሷ ተመረመረች። ባለቤቷና ልጆቹ ቀጠሮ ስላላገኙ ኤፕሪል 2 ተመረመሩ። ኤፕሪል 6 ላይ አሁን ካሉበት አገር የሁለቱም ክሊራንስ ወጣ። የኤምሬትሱ ኤፕሪል 23 ደረሰ። ኤፕሪል 28 አስገባች።

የኤምሬትሱ እስከ ሜይ 1 ባይደርስስ? ያኔም ቦታውን ባዶ አትተውም። ጥያቄ ማስገባቷን የሚያሳየውን ደረሰኝና አጭር ማብራሪያ ደብዳቤ በዚያው ቦታ ታስገባለች። ፋይሉን የሚያየው የኢሚግሬሽን መኮንን ጥረቷን አይቶ ጊዜ ሊሰጣት ይችላል። ያለ ምንም ማስረጃ ባዶ መተው ግን ፋይሉን ያልተሟላ ያስብለዋል።

አሁን ወደ ፊት እንቁጠር። የእሷ ሜዲካል ማርች 12 ቀን 2027 ያበቃል። የሌሎቹ ኤፕሪል 2 ቀን 2027። ቤተሰቡ እስከ ኤፕሪል 2 ጊዜ ያለው ይመስላል። የለውም። ዋና አመልካቿ እሷ ናት። ቤተሰቡ ከእሷ ጋር ወይም ከእሷ በኋላ እንጂ ቀድሟት መግባት አይችልም። እሷ ከማርች 12 በፊት ካልገባች የሌሎቹ ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ዋጋ የለውም።

ሌላም አለ። ማመልከቻው ሲፈቀድ የሚሰጠው የመግቢያ ሰነድ የሚያበቃበት ቀን ከሜዲካልም ከፓስፖርትም ቀድሞ በሚያበቃው ይወሰናል። የባለቤቷ ፓስፖርት ኖቬምበር 2026 ያበቃ ነበር። ሳያሳድስ ቢቀር ሜዲካሉ እስከ 2027 መቆየቱ ምንም አይረባውም። ስለዚህ ፓስፖርቱን ከማመልከቻው በፊት አሳደሰ።

ሜዲካሉ ፋይሉ ሳይወሰን ቢያልቅስ? በራሳችሁ ተነስታችሁ አትመርመሩ። ኢሚግሬሽኑ እንደገና ተመርመሩ ብሎ ሲጽፍላችሁ ጠብቁ። የመግቢያ ሰነዱ ከወጣ በኋላ ግን የተጻፈበት ቀን አይራዘምም። ውሳኔው ጃንዋሪ 2027 ቢመጣ ነርሷ ለመጓዝ ሁለት ወር ብቻ ነው ያላት። የሥራ መልቀቂያ ጊዜዋንና የልጆቹን ትምህርት ማስላት ያለባት ከማርች 12 ወደ ኋላ ነው።

የአሜሪካው ቅደም ተከተል ይገለበጣል

ለአሜሪካ የኢሚግራንት ቪዛ ሜዲካሉ መጨረሻ ላይ ነው፤ የቃለ መጠይቅ ቀን ሲታወቅ ነው የምትመረመሩት። የአገልግሎት ጊዜው አጭር ስለሆነ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 6 ወር። ቪዛውም ከሜዲካሉ ቀን አያልፍም። ቃለ መጠይቁ ከመቀጠሩ በፊት «ልቅደም» ብሎ መመርመር ገንዘብ መጣል ነው።

ትልቁ አደጋ ያለው ራጁ ላይ ነው። 15 ዓመት የሞላው ሁሉ የደረት ራጅ ይነሳል። የሳንባ ነቀርሳ የሚያስጠረጥር ነገር ከታየ በሦስት ተከታታይ ቀናት አክታ ትሰጣላችሁ። አክታው ጀርም ያበቅል እንደሆነ ለማየት በላቦራቶሪ ተዘርቶ ይጠበቃል፤ እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ውጤቱ ነጻ ቢሆን እንኳ ሜዲካሉ 6 ወር ሳይሆን 3 ወር ብቻ ያገለግላል። በዲቪ የሚሄድ ሰው ቪዛውን የበጀት ዓመቱ ከሚዘጋበት ከሴፕቴምበር 30 በፊት ማግኘት አለበት። ኦገስት ላይ አክታ የሰጠ ሰው ውጤቱ ከሴፕቴምበር 30 በኋላ ሊመጣበት ይችላል። የድሮ ጠባሳ ያለበት ዲቪ ደራሽ ቀጠሮው እንደታወቀ በዚያው ቀን ሐኪሙ ጋ ይደውል።

ክሊራንሱም አቆጣጠሩ ይለያል። ዕድሜው ከ16 ይጀምራል። ከዜግነት አገርና አሁን ከሚኖሩበት አገር 6 ወር ከኖሩ፣ ከሌላ አገር 12 ወር ከኖሩ ይጠየቃል። የታሰራችሁበት ቦታ ካለ ግን አንድ ቀንም ብትቆዩ ይጠየቃል። ወረቀቱ 2 ዓመት ያገለግላል። ከለቀቃችሁት አገር የወጣና ከዚያ በኋላ ወደዚያ ያልተመለሳችሁ ከሆነ ግን የ2 ዓመቱ ገደብ አይመለከተውም።

ክሊራንስና ሜዲካል እዚህ ላይ የሚገናኙበት አንድ ቦታ አለ። ባለፉት 5 ዓመታት ጠጥቶ በመንዳት ወይም በሌላ ከመጠጥ ጋር በተያያዘ ነገር አንድ ጊዜ መታሰራችሁ ወረቀቱ ላይ ካለ፣ ቆንስላው ወደ ሐኪሙ ይመልሳችኋል። በ10 ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከሆነም እንዲሁ። ለሐኪሙ ቀድማችሁ ካልነገራችሁ ምርመራው እንደ አዲስ ይከፈትና ሳምንታት ይጨምራል። ክሊራንሱን ሐኪሙ ጋ ይዛችሁ ግቡ። ያለውን በግልጽ ንገሩት።

አውስትራሊያ

እዚያ ቀለል ይላል። ክሊራንሱም ሜዲካሉም 12 ወር ያገለግላሉ። ባለፉት 10 ዓመታት፣ ከ16 ዓመት በኋላ፣ በድምሩ 12 ወር የኖራችሁበት አገር ይቆጠራል። «በድምሩ» የሚለው ከካናዳው «በተከታታይ» ይለያል፤ በየዓመቱ ሦስት ሦስት ወር የሄደ ሰው በአራተኛው ዓመት 12 ወሩ ይሞላበታል። ከውጭ የሚያመለክት ሰው ቪዛው ሲሰጠው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ይጻፍለታል። ያ ቀን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱ ቀድሞ የሚያልቀው ወረቀት ቀን ነው። ስለዚህ ለአውስትራሊያ ክሊራንስና ሜዲካልን በተቀራረበ ሳምንት አውጡ። አንዱን በጃንዋሪ፣ ሌላውን በሜይ ካወጣችሁ አራት ወር ከመግቢያ ጊዜያችሁ ላይ ይቀነሳል።